የዶሮዋ ገድል

ሜኑ ጸሐፊዎቻችን ሆይ፣ እጃችሁ ይባረክ። ሰሞኑን ሆዴ እየጮኸ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ገብቼ ሜኑ ተሰጠኝ። አንብቤ ስጨርስ ረሃቡ ለቆኝ ነበር። ጠግቤ እንዳይመስላችሁ፤ ደክሞኝ ነው። እናንተም አንባቢዎቼ አላመለጣችሁም፣ አውቃለሁ። ጣታችሁን መስመሩ ላይ እያስኬዳችሁ «እሺ፣ ግን ምንድን ነው የሚበላው?» ያላችሁበት ቀን አለ።

ይህን ድርሰት ብቻዬን ላነበው አንጀቴ አልቻለም። እነሆ፣ እንዳለ፦

«ከማለዳ ጤዛ ጋር በተለቀሙ የጥብስ ቅጠሎች መዓዛ የታጀበች፣ በፍቅርና በትዕግሥት የተዘጋጀች፣ በወርቃማ ውበቷ ዓይን የምትማርክ፣ አፍ ላይ እንደ ቅቤ የምትቀልጥ፣ ከትውልድ ትውልድ በተላለፈ ምስጢራዊ ቅመም የተቀመመች፣ በሼፋችን ጥበበኛ እጆች የተዋበች፣ ትኩስ፣ ጣፋጭና የማትረሳ የዶሮ ተሞክሮ፤ ከምድር በረከት ጋር ቀርባ ነፍስዎን ታድሳለች።»

41 ቃል ነው። ዶሮ የምትለዋ ቃል ብቅ ያለችው 34ኛ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሙሽራ እየገባች መስሎኝ ነበር። ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም።

እስቲ ይህችን ዶሮ በሚገባት ክብር እናስተናግዳት። መጀመሪያ ጤዛው። የጥብስ ቅጠሉ በማለዳ መለቀሙን ማን አየ? ይሁን፣ ተለቅሟል እንበል። ከዚያ ፍቅሩና ትዕግሥቱ ይመጣል። የሌሎቹ ምግቦች አንቀጽ ላይ ፍቅር የለም፤ ዓሣው በንዴት ሳይሠራ አልቀረም። ቀጥሎ ወርቃማ ውበቷ። ሾርባውም ወርቃማ ነው፣ ድንቹም ወርቃማ ነው፣ ኬኩም ወርቃማ ነው። ሜኑ ሳይሆን ወርቅ ቤት የገባሁ መሰለኝ። «እንደ ቅቤ የምትቀልጥ» የምትለዋን ግን ቆሜ አጨበጨብኩላት። የምትቀልጥ ዶሮ ያየ ሰው ካለ ሐኪም ቢያማክር ጥሩ ነው። «የዶሮ ተሞክሮ» ሲባልማ፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀምጣ የሕይወት ተሞክሮዋን ልታካፍለኝ ነው ብዬ ትንሽ ጠብቄአለሁ። የምድር በረከት የተባለው ደግሞ ድንች ሆኖ ተገኘ። ድንች እኮ ስም አለው! ድንች ይባላል!

ይህ ሁሉ ተጽፎ ያልተጻፈውን ተመልከቱ። ጭን ነው ደረት? የተጠበሰ ነው የተቀቀለ? አጥንት አለው? ከሶስ ጋር ነው ወይስ ደረቅ? እንግዳው ለመወሰን የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንዱም የለም።

አስተናጋጇን ጠራሁና «እህቴ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አልኳት። የሰጠችኝን መልስ ቃል በቃል እነግራችኋለሁ፦ «የዶሮ ጭን ናት፤ ቆዳዋ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ድንቹ ከሥሯ ስለሚጠበስ ስቡን ይጠጣል፣ በጣም ነው የሚጣፍጠው።» ወዲያው አዘዝኩ። በየቀኑ ሃያ ጊዜ በነጻ የምትለውን ነገር ምግብ ቤቱ ገንዘብ ከፍሎ በጤዛ አስሸፍኖታል።

አሁን ነገሩን ልብ በሉ። ወጥ ቤት ያለው ሰው የምር ሥራ ሠርቷል። ጭኑን በዋዜማው ጨው ነስንሶ፣ ሳይከድን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮታል። በዚያ መንገድ ቆዳው ይደርቃል። በማግስቱ በጋለ ምድጃ ሲገባ የሚንኮሻኮሸው ከላዩ ላይ የሚተነው ውሃ ስላነሰ ነው። ድንቹን ከሥር አድርጎ የሚንጠባጠበውን ስብ አጠጥቶታል። የሚያስጎመጀው ነገር ይኸው ነበር። ገጣሚያችን ግን ወጥ ቤት አልገባም። ለምን ይገባል? ጭስ ተሞክሮውን ያበላሽበታል።

ታዲያ ከበሬታዬን ሳልቀንስ ድርሰቱን ላርመው። ዘዴው ከባድ አይደለም። እርሳስ ያዙና ለየትኛውም ምግብ ሊባል የሚችለውን ቃል ሁሉ ሰርዙ። «በፍቅር የተዘጋጀች» ለሾርባው ይሆናል? ይሆናል፤ ይውጣ። «የማትረሳ» ለኬኩ ይሆናል? ይውጣ። ትኩስ፣ ጣፋጭ፣ ጥበበኛ እጆች፣ ነፍስ ማደስ፣ ሁሉም ደህና ግቡ። ሲያልቅ የቀሩት ዶሮ፣ የጥብስ ቅጠልና አንድ ያልተፈታ ምስጢር ናቸው። ቅጠሉም ምድጃ ሲገባ ጣል የሚደረግ አንድ ዘለላ ነው፤ እንግዳው ባይነገረው አይጎዳም። ይውጣ።

ከዚያ ባዶውን ቦታ ሼፉን ጠይቆ መሙላት ነው። ምኑ ነው የሚበላው? እንዴት ነው የበሰለው? ጥርስ ላይ ምን ይላል? ከምን ጋር ይቀርባል? የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ወጣ፦ «የዶሮ ጭን። ከዋዜማው በጨው ያደረ፣ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ በምድጃ የተጠበሰ፤ ስቡን ከጠጣ ድንች ጋር።» ደህና ነው። ግን የጨው አዳሩ የሼፉ ጉዳይ ነው። እንግዳው የሚቀምሰው ቆዳውን ነው፣ ቆዳው ደግሞ ተጠቅሷል። አውጡት። ምድጃው ወደ ስሙ ይሂድ።

እዚህ ላይ ስደርስ ቀልዴን ላቁም። ያ «ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ምስጢራዊ ቅመም» ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለውዝ ነው። ሶሱ ውስጥ የተፈጨ ለውዝ። ለውዝ የማይስማማው ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጉሮሮው አብጦ ትንፋሽ ሊያጣ ይችላል። ሰው ይሞታል! 41 ቃል የሚሆን ቦታ ነበራችሁ። ለጤዛ ቦታ ነበራችሁ። ለትውልዶች ቦታ ነበራችሁ። ለለውዝ አንድ ቃል አጣችሁ። ይባስ ብላችሁ ምስጢር አላችሁት፣ ለማሳመር። ይህ ሥነ ጽሑፍ አይደለም፣ ግዴለሽነት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ምግብ ቤቶች ለውዝን ጨምሮ 14 ዓይነት አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮችን ለበላተኛው እንዲያሳውቁ በሕግ ይገደዳሉ። ሕግ ባይኖርስ? ሰው በሆዱ አምኗችሁ ነው የገባው።

እሺ። ወደ ምስጋናችን እንመለስ። የመጨረሻው ጽሑፍ ይኸው፦

«የዶሮ ጭን በምድጃ። ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ፤ ስቡን ከጠጣ ድንችና ከለውዝ ሶስ ጋር።»

ስሙን ጨምሮ 12 ቃል ነው። አንዱም ስለ ፍቅር አያወራም። እኔን ግን ይርበኛል።

አንድ ችግር ብቻ አለው፦ ቃል ኪዳን ነው። «የሚንኮሻኮሽ» ብላችሁ ጽፋችሁ ሶሱን ከላይ ካፈሰሳችሁበት፣ ቆዳው ጠረጴዛ እስኪደርስ ይረጥባል። ስለዚህ ያቺ አንዲት ቃል ወጥ ቤቱንም ታዛለች፤ ሶሱ በጎን ይቀመጣል። ምሳ ላይ የተጠበሰው ማታ እየሞቀ የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ቃሏ ትውጣ። ጤዛና ፍቅር የሚወደዱትም ለዚሁ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። «ነፍሴ አልታደሰችም» ብሎ ምግብ የመለሰ ሰው የለማ። «ቆዳው ረጥቧል» የሚል ግን ሞልቷል።

ምሁራኑም የገጣሚዎቻችንን ውለታ መዝግበውላቸዋል። ዳን ጁራፍስኪ የተባሉ የስታንፎርድ የቋንቋ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር 6,500 ያህል የአሜሪካ ሜኑዎችን መርምረዋል። እንደ «ጣፋጭ» እና «ግሩም» ያሉ ደፈናዊ ውዳሴዎች የሚበዙት ርካሾቹ ምግብ ቤቶች ላይ ነው። ውዶቹ ይህን አይሉም፤ ምግባቸው እንደሚጣፍጥ እንግዳው ያውቃል ብለው ነው የሚነሱት። እናም ገጣሚያችን ቤቱን ሊያስከብር «ጣፋጭ» ባለ ቁጥር አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል።

ይህን የሰሙ ሌሎች ጀግኖች ደግሞ አሉ። እነሱም ምስጋና ይገባቸዋል። ሜኑአቸው «ዶሮ። ድንች። ጭስ።» ይላል። ሦስት ቃል፣ ሦስት ነጥብ። ቴሌግራም የደረሰኝ መስሎኝ ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ባጭሩ መጻፍና ምንም አለመናገር ይለያያሉ። በዚያው በስታንፎርድ አንድ ካፌቴሪያ ውስጥ የተሠራና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። ያንኑ አትክልት፣ አሠራሩን ሳይቀይሩ፣ ስሙን ብቻ ለዋወጡት። በደፈናው «ካሮት» ከተባለበት ቀን ይልቅ ጣዕሙን በሚያስጎመጅ ቃል በገለጹበት ቀን 25 በመቶ የበለጠ ሰው አነሳው። ስለዚህ ቃል ይሠራል። ካሮቱ በሎሚ መቀባቱን መናገር ዋጋ አለው። እንደ ካሮት ያለ ተራ ነገር ሲሆን ደግሞ ያቺ አንድ ቃል የበለጠ ታስፈልገዋለች።

በነገራችን ላይ ሁሉም ምግብ መግለጫ አይፈልግም። «የተቀቀለ እንቁላል» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ምን ይጨመራል? ሰው ያውቀዋል፤ በስሙ ይለፍ። ቃሉን እንግዳው በማያውቀው ምግብ ላይ ብታወጡት ይሻላል። ደግሞ ሜኑው ከመታተሙ በፊት ከላይ ወደ ታች በአንድ ትንፋሽ አንብቡት። ለየብቻ ሲነበብ ደህና የሚመስለው ቃል፣ ተከታትሎ አምስቴ ሲመጣ ያኔ ይታያችኋል። «የሚንኮሻኮሽ» እንኳን ለዶሮውም ለዓሣውም ለድንቹም ከተሰጠ ለማንም አልተሰጠም። ለዶሮው ይተውለት፣ ዓሣው የራሱን ይፈልግ።

ገጣሚው ከሥራ ይወጣል ብላችሁ አትዘኑለት። የደረሰኙ ግርጌ ባዶ ነው። ጤዛውንም፣ ትውልዶቹንም፣ ፍቅሩንም እዚያ ይጻፍልን፤ በልተን ስለጨረስን ረጋ ብለን እናነብለታለን።