«ቃላቱን ቀይሪ» ያላት ማን ነው?

«ጋሼ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ቀይሬያለሁ። ምንጩንም ጠቅሻለሁ። ታዲያ አማካሪዬ ለምን ‹ይሄ ኩረጃ ነው› አለኝ?»

ቃላቱን አንድ በአንድ ስለቀየርሽ ነዋ።

ጠያቂዬ እዚሁ ጅማ የመመረቂያ ጽሑፏን በአማርኛ እየጻፈች ያለች ተማሪ ናት። የምታጠናው ቡና ከእሸት እስከ ሲኒ ሲደርስ የሚጠራባቸውን ስሞች ነው። እኔ ደግሞ በትርፍ ሰዓቴ የተማሪ ጽሑፍ አርማለሁ። ባለፈው ፈረንጅ አራዳ አንዲት ካፌ ውስጥ ዝናብ ይዞን ወረቀቷን ዘርግተን ተቀመጥን።

የምንጩን ጽሑፍ እዚህ እንዳለ አላወጣውም። ለማሳያ የሚሆን ተመሳሳዩን ራሴ ልሥራ። ጸሐፊውን እገሌ እንበለው። እገሌ እንዲህ አለ እንበል፦

«በአካባቢው ካሉ አነስተኛ ቡና አምራቾች አብዛኞቹ እሸቱን መሬት ላይ ስለሚያሰጡት፣ ጀንፈሉ የአፈር ጠረን ሊይዝና ጥራቱ ሊቀንስ ይችላል።»

የሷ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነበር፦

«በቦታው ከሚገኙ ትንንሽ ቡና አብቃዮች ብዙዎቹ ቀይ ቡናውን ምድር ላይ ስለሚያደርቁት፣ ደረቁ ፍሬ የመሬት ሽታ ይይዛል፤ ደረጃውም ይወርዳል (እገሌ፣ 2009)።»

ሁለቱን አንዱን ከሌላው በታች አድርጋችሁ አንብቡ። አጥንቱ አንድ ነው። አምራቹ ይቀድማል፣ ማስጣቱ ይከተላል፣ «ስለ» የምትለዋ እዚያው ቦታዋ ላይ አለች፣ መጨረሻው ጠረንና ጥራት ነው። የተቀየረው ልብሱ ብቻ ነው። ምንጩን መጥቀሷ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ይነግረናል። ዓረፍተ ነገሩን የገነባው ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም፤ አንባቢ እሷ የገነባችው ይመስለዋል። አማካሪዋ ኩረጃ ያለው ይህንን ነው። አልተሳሳተም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መቀየር የነበረበት ሳይቀየር፣ መነካት ያልነበረበት ተነክቷል።

«አነስተኛ አምራች» ማለት ማሳው አነስተኛ የሆነ ገበሬ ማለት ነው። የሙያ ስያሜ ነው። «ትንንሽ አብቃዮች» ሲባል ግን ሕፃናት ቡና ሲለቅሙ ይታየኛል። ጀንፈል ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው። «ደረቁ ፍሬ» ያለችውን አንባቢ የተቀሸረ ቡና አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የቃላት ጥናት የምታጠና ልጅ ጀንፈልን ስትጥል ምን ይባላል! ጥራትና ደረጃም አንድ አይደሉም። ጥራቱ የቡናው ነው። ደረጃ ግን ቡናው ተመርምሮ የሚሰጠው ነው፤ እገሌ ደግሞ ስለ ምርመራ ያነሳው ነገር የለም።

ከሁሉም የከፋችው ትንሿ ለውጥ ናት። «ሊይዝ ይችላል» የነበረው «ይይዛል» ሆኗል። እገሌ ተጠንቅቆ የተናገረውን እሷ ቆርጣ ተናገረች። ከዚያ ስሙን ከጎኑ ለጠፈች። ሰውየው ነገ ቢያነበው «እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?» ቢል እውነቱን ነው።

ለዚህ ተጠያቂዋ እሷ ብቻ አይደለችም። «በራስህ ቃላት ጻፍ» የሚለውን ትእዛዝ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሁላችንም ሰምተነዋል። ተማሪው ቃል በቃል ወሰደው፤ መዝገበ ቃላት ገልጦ ተመሳሳይ ፍቺ ያደናል። እኔ ብሆን «በራስህ ዓረፍተ ነገር ጻፍ» ብዬ ነበር የማስተምረው። የሙያ ቃል የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ እንዳለ ውሰደው። የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ግን የጸሐፊው ነው።

ያን ቀን እንዲህ አደረግን። ክፍሉን ሁለቴ አነበበችና ወረቀቱን ገለበጥኩባት። «በይ አሁን ምንም ለማያውቅ ሰው ንገሪው» አልኳት። ቤቷ ኦሮምኛ ነው የሚነገረው፤ በኦሮምኛ ነገረችኝ። ከዚያ ያወራችውን በአማርኛ ጻፈች። ኦሮምኛው የእገሌን ዓረፍተ ነገር ሰብሮላታል። (ይህ ከትርጉም ይለያል። ወረቀቱን እያዩ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መገልበጥ ቋንቋው ቢለወጥም ያው ቅጂ ነው።) የወጣው ይህን ይመስላል፦

«እገሌ (2009 ዓ.ም.፣ ገጽ 14) የጀንፈልን ጥራት ከማድረቂያው ቦታ ጋር ያያይዘዋል። አፈሩ ጠረኑን ለቡናው ሊያጋባ እንደሚችልና በአካባቢው ያሉ አነስተኛ አምራቾችም በአብዛኛው መሬት ላይ እንደሚያሰጡ ይገልጻል።»

መነሻው ጥራቱ ሆነ፤ ገበሬው ወደ መጨረሻ ሄደ። «ሊያጋባ እንደሚችል» ጥንቃቄውን ያዘ፤ «በአብዛኛው» መጠኑን ጠበቀ። ወረቀቱን መልሰን ስንገልጠው ያመሳከርነው እነዚህን ነው፦ ስለ ማን ነው፣ ምን ያህሉ፣ ምን ያህል እርግጠኛ ሆኖ፣ ምኑ በምን ሳቢያ። በመጀመሪያው ሙከራዋ «ዋናው ምክንያት» የሚል ገብቶ ነበር። እገሌ ዋናው አላለም። ሰረዝነው።

«ዓ.ም.» የምትለዋን ደግሞ እንደ ጌጥ አትዩአት። 2009 ብቻ ከተባለ አንባቢው የፈረንጅ ዘመን አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታል። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን አውልቆ «በ1971 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ ሰው አርሜያለሁ። በሽታውን ከንጉሡ ዘመን ወደ ደርግ ዘመን አሻገረው ማለት ነው። ስምም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ኢትዮጵያዊው ጸሐፊ በራሱ ስም ይጠቀሳል፤ የውጭ አገሩ በቤተሰብ ስሙ። ተማሪዎች የእንግሊዝኛውን ሥርዓት እያዩ አባትየውን ጸሐፊ ያደርጉታል። የክፍላችሁን መመሪያ ጠይቁና አንዱን ይዛችሁ እስከ መጨረሻ ዝለቁ።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ነገር ቀረን። ስምንት መስመር በሚሆን አንቀጽ ውስጥ ቅንፏ ያለችው መጨረሻ ላይ ብቻ ነበር። እገሌ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። መሃል ላይ ያለችውን አንዲት መስመር ጠየቅኳት። ጎማ ወረዳ ያሉ እናቶች ቡናውን በማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጡትንና መሬት ላይ ያሰጡትን በተለያየ ስም ይጠሩታል ትላለች።

«ይሄም የእገሌ ነው?»

«አይ፣ ይሄ የኔ ነው። ሄጄ የሰማሁት።»

በጉልበቷ ያገኘችውን ለእገሌ ሰጥታው ነበር። የእገሌን ስም ወደ አንቀጹ መጀመሪያ አመጣነው፤ እሱ የሚያበቃበት ላይ ደግሞ «በእኔ የመስክ ቆይታ ግን» ብላ የራሷን ጀመረች።

ባለፈው ሳምንት የታረመውን ቅጂ ላከችልኝ። አማካሪዋ እገሌ ላይ ምንም ምልክት አላደረገም። የጎማዋ መስመር ሥር ግን በቀይ እስክሪብቶ «ይህቺን አስፊያት» ብሏል።