«በባዶ ሆዷ ወስዳው ነው» አትበሉኝ!

አሁን ከፋርማሲ መመለሴ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉኝ።

እማዬ በማስታገሻ ክኒን ጨጓራዋ ደምቶ፣ ገና ከሆስፒታል መውጣቷ ነው። ለጉልበቷ ፓራሲታሞልና የሚቀባ ጄል ልገዛ ገባሁ። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ «ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ለእናቴ ጉልበት።»

«ፓራሲታሞል ለጉልበት? እሱ ምን ይሠራል! ዲክሎ ልስጥሽ።»

«ዲክሎ አትወስድም። ጨጓራዋ በሱ ቆስሎ ደም ፈሷታል።»

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሳቀ! «የኔ እህት፣ በባዶ ሆዷ ወስዳው ነው። እናንተ እንደታዘዘው አትወስዱም፣ በኋላ መድኃኒቱን ትከሳላችሁ።»

«ሳትበላ ወስዳ አታውቅም።»

«እሺ፣ እንግዲያው መርፌውን ትወጋ። መርፌ በጨጓራ አያልፍም፣ አይነካትም።»

«ይነካታል እንጂ!» ስለው «ሐኪም ነሽ?» አለኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ። ከኋላዬ የቆሙ ሴትዮም «ልጄ፣ እሱ የተማረበት ነው፣ የሚልሽን ስሚ» ብለው ጨመሩልኝ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። ጄሉን ሳልገዛ ወጣሁ።

እዚያ መናገር ያቃተኝን እዚህ ልናገረው። ጨጓራችን ውስጥ ያለው አሲድ ሥጋ የሚፈጭ ነው። የራሳችንን ጨጓራ የማይበላው ግድግዳውን የሚሸፍን ዝልግልግ ፈሳሽ ስላለ ነው፤ ይህን ሽፋን እንዲያመርት፣ ደምም በደንብ እንዲዘዋወርበት የሚያዝዝ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር በሰውነታችን ውስጥ ይመረታል። ይኸው ንጥረ ነገር ደግሞ ጉልበት ሲያብጥ ሕመሙን የሚያባብሰው ነው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሕመሙን የሚያስታግሱት ይህን ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማገድ ነው። ግን መርጠው አያግዱም። የጉልበቱን ሲያግዱ የጨጓራውንም ያግዳሉ። ይህን የሚያደርጉት ደም ውስጥ ገብተው ስለሆነ ክኒኑን በእንጀራ ብትውጠው፣ በወተት ብትውጠው፣ በመርፌ ብትወጋው፣ ጨጓራ ላይ የሚደርሰው ያው ነው። ከምግብ ጋር መውሰድ ማቃጠሉን ለአንዳንድ ሰው ይቀንስለት ይሆናል፤ ከቁስል ግን አያድንም። እማዬ በልታ ነው የወሰደችው። ሁልጊዜ! የጾም ጊዜ እንኳን ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ሽሮዋን በልታ ነው።

ምን እንደወሰደች ልንገራችሁ። ጠዋት ሁለት አድቪል፣ ማታ ሁለት አድቪል። አድቪል ኢቡፕሮፌን ማለት ነው፤ አንዱ 200 ሚሊግራም ነው፣ በቀን 800። ይህን ያመጣችላት አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ ትልቁን ብልቃጥ፣ በፍቅር። ጉልበቷ ሲብስባት ደግሞ የሰፈሩ ፋርማሲ ዲክሎፌናክ 50 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ብሎ ሰጣት። አድቪል እንደምትወስድ የጠየቃት የለም። ሁለቱ ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሲደራረቡ የሕመሙ ማስታገሻነት ብዙም አይጨምርም፣ የጨጓራው አደጋ ግን ይጨምራል። በላዩ ላይ ጎረቤታችን «ደም ያቀጥናል» ብላ ትንሿን አስፕሪን አስጀምራታለች። አስፕሪንም ከነሱው ወገን ነው፣ ትንሽም ቢሆን። (ልብ ታመው ወይም ስትሮክ ኖሯቸው በሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን የሚወስዱ ሰዎች ግን ይህን አንብበው በራሳቸው እንዳያቆሙ፣ እባካችሁ። እነሱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።)

ሦስቱን በአንድ ላይ ስትውጥ የነበረች የ68 ዓመት ሴት ድንገተኛ ክፍል ገብታ ሐኪሙ «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲላት ምን አለች መሰላችሁ? «የግፊቴን ብቻ።» አልዋሸችም። ለሷ ማስታገሻ መድኃኒት አይደለም። ለማናችንም አይደለም! ሱቅ የሚሸጥ፣ ከጎረቤት የምንበደረው፣ ከሻንጣ የሚወጣ ነገር ነው። እኔ ቦርሳዋን ከፍቼ ብልቃጡንና ክኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፋቸው ነው ሐኪሙ ራሱን የነቀነቀው።

ብልቃጡ ላይ ደግሞ ተጽፏል እኮ! ይህ መድኃኒት ከባድ የጨጓራ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል፣ ዕድሜው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ከዚህ በፊት ጨጓራው ለቆሰለ፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ አደጋው ይበልጣል ይላል። ለሕመም ከሆነ ሐኪም ካላዘዘ ከ10 ቀን በላይ አትውሰዱ ይላል። በደቃቅ እንግሊዝኛ። እማዬ ስንት ዓመት ያን ብልቃጥ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣ ኖረች፣ የተጻፈላትን ማንበብ ሳትችል።

ምልክቱን ስሙኝ፣ ይህን ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱም አልቀየምም። ሆዷን ያን ያህል አላመማትም። እኛ «ጨጓራዬን አቃጠለኝ» የሚል ሰው ብቻ የታመመ ይመስለናል፤ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ትልቅ ሰው፣ ምንም ሳያመው ሊቆስልና ሊደማ ይችላል። የሷ ምልክት ድካም ነበር። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያዞራታል፣ ከንፈሯ ነጣ። «ጾሙ ነው» አልን። «ዕድሜ ነው» አሉን። ከዚያ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚጣበቅ ሆነ፣ ሽታውም ተለየ። እሱ የተፈጨ ደም ነው። የብረት ክኒን የሚወስድ ሰውም ሰገራው ይጠቁራል፣ እሷ ግን አትወስድም ነበር። ይህን ያየ ሰው፣ ወይም ቡና አተላ የመሰለ ትውከት ያየ ሰው፣ ነገ እስኪነጋ አይጠብቅ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። የደሟን መጠን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኗ ወርዶ 7 ሆኖ ተገኘ፤ ደም ተሰጣት፣ በኢንዶስኮፒ፣ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ውስጧን ሲያዩ ጨጓራዋ ቆስሏል።

እና ስንት ጊዜ ክሊኒክ ሄዳለች ከዚያ በፊት! አንዱ ጋ «ጨጓራ ነው፣ በርበሬና ቡና ተዪ» ተብላ እዚያው ለጉልበቷ የዲክሎፌናክ መርፌ ተወግታ ተመለሰች። እዚያው፣ በአንድ ቀን! የግፊት ክትትሏ ላይ ደግሞ ግፊቱ አልወርድ አለ ተብሎ መድኃኒቷ ተጨምሮላታል፤ እነዚህ ማስታገሻዎች ራሳቸው ግፊት እንደሚጨምሩ፣ የግፊት መድኃኒቷንም እንደሚያዳክሙ ሊያስብ፣ ሊጠይቃት የሞከረ አልነበረም። ቡናዋን ከለከልናት፤ የምትወደውን ቡና! የጎረቤት ሰው ሁሉ ተልባና አብሽ ይዞ መጣ። ጥፋተኛው ግን ትራሷ ሥር ነበር።

የጨጓራ ባክቴሪያውም ነገር አለ፣ ኤች ፓይሎሪ የምንለው። እኛ አገር ብዙ ሰው አለበት። ባክቴሪያውና ማስታገሻው አንድ ላይ ሲገናኙ የመቁሰል ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቢመረመር ጥሩ ነው። እሷ ቀደም ብላ በሰገራ ተመርምራ «የለብሽም» ተብላ ነበር። ያኔ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ አሲድ መቀነሻ እየዋጠች ነበር! ኦሜፕራዞል ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት ካልቆመ ባክቴሪያው ሊደበቅ ይችላል። ይህን የነገራት የለም። አሁን ከጨጓራዋ ናሙና ሲወሰድ ተገኘባት። የታዘዘላትን ጸረ ባክቴሪያ ከጨረሰች ከአራት ሳምንት በኋላ ኦሜፕራዞሉን ቢያንስ ሁለት ሳምንት አቁማ ድጋሚ ትመረመራለች፤ መቼ ማቆም እንዳለባት ግን ቁስሉን የሚያየው ሐኪም ነው የሚወስነው።

ታዲያ ጉልበቷስ? ሕመሟ እኮ እውነት ነው፣ ማታ ማታ ስትገላበጥ እሰማታለሁ። ሐኪሟ ያላትን ልጻፍ። አንደኛው ጄሉ ነው፤ እሱም ዲክሎፌናክ ነው፣ ግን ጉልበቱ ላይ ተቀብቶ ደም ውስጥ የሚገባው ከሚዋጠው ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ስለሆነ ለጨጓራ እጅግ ይሻላል። ለጉልበትና ለእጅ ጣት ይሠራል፤ ወገብና ዳሌ ግን ጥልቅ ስለሆኑ ብዙም አይደርሳቸውም። ቀብቶ በፌስታል መጠቅለል የለም፣ ክኒኑንም በላዩ መዋጥ የለም። ፓራሲታሞልም አለ፤ ጨጓራን እንደነዚያ አያቆስልም። የፋርማሲው ልጅ ትንሽ እውነት አለው፣ ለጉልበት ከዲክሎ ይደክማል። ግን አያደማትም! የ500ውን ሁለት ሁለት፣ ቢያንስ በስድስት ሰዓት ልዩነት፤ ለጤነኛ ትልቅ ሰው በ24 ሰዓት ከስምንት ክኒን አያልፍም፣ ለሷ ክብደቷ አነስተኛ ስለሆነ ከስድስት እንዳያልፍ ተብሏል። ጉበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምረው። ብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ እሱም ይቆጠራል።

ከሁሉ የገረመኝ እንቅስቃሴው ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ ትዘረጋለች፣ ትንሽ ትይዘዋለች፣ ቀስ ብላ ታወርደዋለች፤ የጭኗ ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበቷ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ለዚህ ብር አልተከፈለም፣ ከዚህ በፊት የነገራት ሰውም አልነበረም።

የሌላ ሰው እናት ግን ያለ ኢቡፕሮፌን ጨርሶ መንቀሳቀስ የማይሆንላት ብትሆንስ? ያኔ ሐኪም አነስተኛውን መጠን ለአጭር ጊዜ ያዛል፤ ከሱ ጋር ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም በየቀኑ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት። ሲያቃጥል የሚታኘከው የአሲድ ማብረጃ ለጊዜው ማቃጠሉን ያበርዳል እንጂ ይህን ጥበቃ አይሰጥም። ጨጓራው ደምቶ ለሚያውቅ ሰው ግን እንደ እማዬ «አይነካካሽ» ነው የሚባለው።

ጄሉን ሌላ ፋርማሲ አግኝቼ ገዛሁ፣ ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ትደነግጣላችሁ። ለአክስቴ ልጅም ደወልኩ፤ አሜሪካ ጄሉ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ «ከመጣሽ እሱን አምጪ፣ አድቪሉን ተይው» አልኳት። ትንሽ ቅር አላት።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ እትዬ ልትጠይቅ መጣች። እማዬ ጉልበቷን ይዛ «አመመኝ» ስትል፣ እትዬ ከቦርሳዋ ሁለት ክኒን የቀረበት የዲክሎ ማሸጊያ አውጥታ «እንኪ፣ እኔስ በዚህ አይደል የምሄደው» አለቻት። ተነስቼ ከእጇ ወሰድኩት። አሁን ሁለቱም አኩርፈውኛል።