ፋይሉ መጨረሻ ማን እጅ ገባ?

«ፋይልዎ አልተገኘም፣ ሰኞ ይመለሱ።» ባለጉዳይ ሆኖ ይህን ያልሰማ ሰው ዕድለኛ ነው። ፋይል ግን እግር የለውም። አንድ ሰው ከመዝገብ ቤት አውጥቶታል፤ ሲያወጣም አልፈረመም።

አንድ የይዞታ ማመልከቻ እንከተል። መዝገብ ቤት ሲደርስ ማኅተም ይመታበታል፣ ቁጥርና ቀን ይጻፍበታል፣ ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ኃላፊው ዳር ላይ «አጣርተህ አቅርብ» ብሎ ይመራዋል። እስከዚህ ብዙ ቢሮዎች ደህና ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ባለሙያው ፋይሉን ወደ መዝገብ ቤት ሳይመልስ ለሕግ ክፍል ሲያቀብለው ነው። መዝገብ ቤት የሚያውቀው የመጀመሪያውን ተቀባይ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ተዛውሯል። ፋይሉ የውሃ ሽታ ሆነ፤ ተጠያቂም የለም።

መፍትሔው አንድ ካርቶን ነው። ፋይሉ ከመደርደሪያ ሲወጣ የፋይሉ ቁጥር፣ የወሳጁ ስም፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ካርድ በቦታው ይቀመጣል። እጅ በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ተረካቢ ይፈርማል።

ከጠፋ ፋይል ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ወረቀት የጎደለው ፋይል ነው። ገጾቹ ቁጥር ከሌላቸው የተቃውሞ ቃለ ጉባኤው ተነቅሎ ቢወጣ ማንም አያውቅም። ወረቀቱ ሲገባ ተራ ቁጥር ከተጻፈበት ግን ከ17 ቀጥሎ 19 ሲመጣ ነገሩ ያፈጣል።

ወረቀት ምን ሊያደርግ እንደሚችል በሀገራችን ታይቷል። በ1984 ዓ.ም የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግ ባለሥልጣናትን ሲከስ ከምስክሮች ቃል ሌላ ትልቁ ማስረጃው የደርግ መንግሥት የራሱ ሰነድ ነበር። የግድያ ትእዛዞች ተጽፈው፣ ተፈርመው፣ ፋይል ውስጥ ተቀምጠው ተገኙ። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም ፍርድ ቤቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት ጥፋተኛ ሲላቸው ከጀርባው ሰነዱን ቁጥር ሰጥቶ ያስቀመጠ ስሙ የማይታወቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛም አለ።

ዛሬ ያ ሠራተኛ የት ነው? ብዙ ጊዜ ምድር ቤት። ሌላ ክፍል ያልፈለገው ሰው የሚመደበውም እዚያው ነው።

«ሁሉንም ስካን እናድርገው» የሚሉ አሉ። ጥሩ ነው። ግን የተዘበራረቀ ፋይል ስካን ሲደረግ የተዘበራረቀ ኮምፒውተር ይሆናል። የፋይል ቁጥሩ፣ የባለጉዳዩ ስምና ቀኑ አብረው ካልገቡ መፈለጊያ የለውም። ማን ከፍቶ ማን እንደቀየረው የማይመዘግብ ሲስተም ከሆነም ያው ያልተፈረመበት ካርድ ነው።

ኦዲተሮች ብር ሲቆጥሩ ውለው ይሄዳሉ። ከመደርደሪያው አሥር ፋይል በዘፈቀደ ይጥሩ። የጎደለው ስንት ነው? ፊርማስ አለው? የገጹስ ቁጥር ተከታታይ ነው? መልሱን ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስም ጋር ሪፖርታቸው ውስጥ ይጻፉት።