«መጀመሪያ ዓይንሽ ያረፈበትን ያዢ» ብሎ ማስጠናት ይብቃ!

አሁን ከማጠናከሪያ ትምህርቱ መውጣቴ ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የዛሬውስ ባሰ። ያቺ ፎቶ ኮፒዋ የደበዘዘች የጥያቄ ጥራዝ አለች አይደል፣ መልሱ ከኋላ በአንድ ፊደል ብቻ የተጻፈባት? ስለ ምክንያት አንዲት መስመር የላትም። በእርሷ ነው የመውጫ ፈተና እናልፋለን የተባልነው።

ጥያቄው ይህ ነበር። እናትየዋ ከወለደች አንድ ሰዓት ሆኗታል፤ የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ደም በብዛት ይፈሳታል፤ ማሕፀኗ ሲዳሰስ ልል ነው። አዋላጇ በመጀመሪያ ምን ታደርጋለች? «ሀ» ማሕፀኑን ማሸት፣ «ለ» ማሕፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን መስጠት፣ «ሐ» የተቀደደ ቦታ መኖሩን መፈተሽ፣ «መ» የሽንት ፊኛዋን ባዶ ማድረግ። መምህሩ «ለ» አለና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሊያልፍ ሲል እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ ማሸቱ አይቀድምም?»

«ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቁልፉ ግን ለ ይላል።»

«ሁለቱም ትክክል ከሆኑ በምን ለየናቸው?»

«እህቴ፣ ሁለት መልስ ሲመሳሰልብሽ መጀመሪያ ዓይንሽ ያረፈበትን ያዢ፣ ከዚያም አትንኪው። እንደዚህ ስትከራከሪ ሰዓቱ ያልቅብሻል። ፈተና የሚታለፈው በመገመት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ አንዱ «ፕሮፌሰር!» ብሎ ጮኸ። መምህሩም አብሯቸው ሳቀ! ገንዘባችንን ከፍለን፣ ከሥራና ከእንቅልፍ ሰዓት ቆርሰን የመጣነው ግምት ለመማር ነው? ግምትማ በነጻ ይገኝ ነበር።

እዚያ ስላላስጨረሰኝ እዚህ እጨርሰዋለሁ። ሁለት ምርጫዎች እኩል ትክክል ሲመስሉ እርስ በርሳቸው ማወዳደር ጊዜ ማቃጠል ነው። ማሸት ጥሩ ነው፣ ኦክሲቶሲንም ጥሩ ነው፤ እስከ ማታ ብናፈጥባቸው ሁለቱም ጥሩ እንደሆኑ ይቀራሉ። የሚለያቸው ከላይ ያለው የጥያቄው አካል ነው። ስለዚህ ወደዚያ ተመልሰን ስለ እያንዳንዱ ምርጫ «ይህ መልስ እንዲሆን ጥያቄው ምን ብሎ መጻፍ ነበረበት?» ብለን እንጠይቅ።

እንሥራው። ኦክሲቶሲን መልስ እንዲሆን ጥያቄው «ማሕፀኗ ታሽቶ አሁንም ልል ነው» ማለት ነበረበት። እንዲህ አላለም። የተቀደደ ቦታ መፈለግ መልስ እንዲሆን «ማሕፀኗ ጠንካራ ነው፣ ደሙ ግን አልቆመም» መባል ነበረበት፤ ማሕፀኑ በደንብ ተኮማትሮ ደም ከቀጠለ ምንጩ ሌላ ቦታ ነውና። ፊኛው መልስ እንዲሆን ደግሞ ማሕፀኑ ጠንካራ ሆኖ ከእምብርት በላይ ከፍ ብሎ ወደ ጎን ተገፍቷል የሚል ፍንጭ እንጠብቅ ነበር። የእኛ ጥያቄ የሰጠን «ልል ነው» የሚለውን ብቻ ነው፤ የጠየቀን ደግሞ «በመጀመሪያ» ምን ይደረግ ብሎ ነው። ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት ከፍተኛ የደም መፍሰስ ዋነኛው ምክንያት የማሕፀን አለመኮማተር ነው። ማሸት መድኃኒት መቅዳት አይጠይቅ፣ መርፌ አይጠይቅ፤ እጅ በዚያችው ቅጽበት ይጀምረዋል፣ መኮማተር አለመኮማተሩንም ወዲያውኑ ይነግራል። መልሱ «ሀ» ነው። ይህን ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለሳቁ የሚበቃ ጊዜ ነበረን እኮ!

አንዷ ጓደኛዬ ስንወጣ «በማዋለጃ ክፍል ግን ሁሉንም አብረን ነው የምናደርገው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ማሸቱ፣ ማሕፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ ደም መፍሰስን የሚገታው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽና ምርመራው አንድ ላይ እንዲሰጡ መክሯል። በተግባር ልምምድ ላይ አንዷ ታሻለች፣ ሌላዋ መድኃኒት ትቀዳለች፣ ሦስተኛዋ ደም ሥር ትፈልጋለች። ይህ የፈተናው ዓይነት ችግር ነው፤ «በመጀመሪያ» ብሎ ሲጠይቅ አንዲት አዋላጅ፣ ሁለት እጅ ብቻ አስቀምጦልናል። በዚያ ዓለም ውስጥ ሆነን መመለስ አለብን፤ ተረኛ ስንሆን ደግሞ እንደ ተረኛ እንሠራለን። መምህር የሚያስፈልገው ይህን ለይቶ እንዲነግረን ነበር። ቁልፍ ማንበብማ ማን ያቅተዋል?

ደግሞ ያ «አትንኪው» የሚለው! ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም። አጎቴ በየበዓሉ «መልስ የቀየረ ተማሪ ወደቀ» ይለኛል፤ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎችም ይህንኑ እንደ መድኃኒት ያዙልኛል። በ2005 እ.ኤ.አ. ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከ1,500 በላይ የሥነ ልቦና ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት አንድ በአንድ አይተው የተፋቀውን ቆጠሩ። ከተቀየሩት መልሶች 51 በመቶ ያህሉ ከስህተት ወደ ትክክል፣ 25 በመቶ ያህሉ ከትክክል ወደ ስህተት፣ የቀሩት ከስህተት ወደ ስህተት የሄዱ ነበሩ። ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን ተቃራኒውን ያምናል? ትክክሉን ፍቆ የተሳሳተ ሰው ቁጭቱ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም፤ ቀይሮ ያገኛት ግን በማግሥቱ ተረስታለች። አጎቴ የሚያስተምረኝ ያቺኑ የራሱን አሮጌ ቁጭት ነው።

ይህ ማለት ግን ልብ በመታ ቁጥር መልስ ይገለባበጥ ማለት አይደለም። ስመለስ ጥያቄው ውስጥ ዘልዬው የነበረ ነገር ካገኘሁ፣ ለምሳሌ «ታሽቶ» የሚል ቃል ካየሁ፣ ያለማመንታት እቀይራለሁ። አዲስ ነገር ካላገኘሁና ፍርሃት ብቻ ከሆነ የገፋኝ፣ እንዳለ እተወዋለሁ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ በማይቀነስበት ፈተና ደግሞ ባዶ ትቶ ማለፍ የለም፤ ከሁለቱ አንዱን ይዞ፣ ምልክት አድርጎ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ምንም ፍንጭ የማይሰጥ፣ በደንብ ያልተጻፈ ጥያቄም ያጋጥማል፤ እዚያ ላይ ሩብ ሰዓት ማፍሰስ በኋላ ያሉትን የምናውቃቸውን ጥያቄዎች ያስበላል።

ደክሞኛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት ክፍሉ ያለ ተመራቂ ሁሉ ይህን ፈተና ይፈተናል፣ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። የብዙ ዓመት ትምህርት፣ የእናት የአባት ላብ እዚያ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እኛ ግን ዓይን የት እንዳረፈ እንጠየቃለን። ባለፈው ሳምንትም አንዱ ልጅ ስለ ደም ግፊት ጥያቄ «ለምን?» ሲል «ሲጠፋህ ሐን ምረጥ» ተባለና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እጁን አላወጣም። እኔን ያናደደኝ ከራሴ ይልቅ የእርሱ ዝምታ ነው።

የመልስ ቁልፉን ገጽ ከጥራዟ ቀድጄ አውጥቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በየጥያቄው ጎን «ሌላው መልስ እንዲሆን ምን መባል ነበረበት» የሚለውን በእርሳስ እየጻፍኩ እሠራለሁ። አብሮኝ ሊሠራ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ «ቁልፉ እኮ ለ ይላል» የሚለኝ ሰው ግን ዛሬ አይምጣብኝ!