የእንግዳው የሕይወት ታሪክ ከቪዲዮው ሥር፦ ይቆረጥ ወይስ እንዳለ ይቆይ?

ጥያቄው፦ «ሐዋሳ ውስጥ የቃለ መጠይቅ ቻናል አለን። እንግዶቻችን የሕይወት ታሪካቸውን ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ ጽፈው ይሰጡናል፤ እኛም እንዳለ ከቪዲዮው ሥር እንለጥፈዋለን። ፈልጎ የሚያገኘን ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። ብንቆርጠው እንግዳውን ማሳነስ አይሆንብንም? ከቆረጥንስ የቱን?»

አንጋፋው አዘጋጅ (ይቆይ ባይ)

እንግዳን በሙሉ ማዕረጉና በሙሉ ታሪኩ ማስተዋወቅ ከሬዲዮ ዘመን ጀምሮ የሠራንበት ወግ ነው። ሰውየው ጊዜውን ሰጥቶ፣ ስቱዲዮ ድረስ መጥቶ፣ ታሪኩን በእጁ ጽፎ ሲያስረክብ መቀስ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። የቦታ ችግር ደግሞ የለም፤ ዩቲዩብ ለመግለጫ 5000 ፊደል ይፈቅዳል።

ሁለተኛው ምክንያቴ ራሱ ፍለጋው ነው። ፍለጋ የሚሠራው በቃል ነው። ታሪኩ ውስጥ የተወለደበት ቀበሌ፣ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ የሠራበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ተጽፏል። ከእነዚህ አንዱን የሚፈልግ ሰው እግረ መንገዱን እኛን ያገኛል። ቃል በቀነስን ቁጥር የሚመጣው ሰው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

የመግለጫ አርታኢዋ (ይቆረጥ ባይ)

ጋሼ፣ በደፈናው ከምንከራከር አንድ ቪዲዮ ይዘን እንየው። አንድ የዓሣ ተመራማሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ሐይቃችን ተናግረዋል እንበል። ፍሬ ነገሩ ቆሮሶው ለምን እያነሰ እንደሄደ ነው፤ ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልተራባውን ዓሣ እንዴት ጠራርጎ እንደሚያወጣ፣ ዓሣው በሚራባበት ወቅት ማስገር ምን እንደሚያስከትል። ይህን አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያለ ነጋዴም፣ አስጋሪም፣ ተማሪም ይፈልገዋል። መግለጫው ግን እንዲህ ይጀምራል፦

«የዛሬው የክብር እንግዳችን ዶክተር እገሌ ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…»

«ቆሮሶ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከታች ነው፤ ከምስክር ወረቀቶቹና ከተካፈሉባቸው ዐውደ ጥናቶች ዝርዝር በኋላ። በኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ከርዕሱ ሥር የሚታየው አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው። ቪዲዮውን ከከፈተ በኋላም ቢሆን የመግለጫው ጅማሬ ብቻ ይታያል፤ ቀሪው እስኪነካ ድረስ ተደብቆ ይቆያል። በዚያች ጠባብ ቦታ እኛ የጻፍነው የአባትና የእናት ስም ነው። ዩቲዩብ ራሱ ለአዘጋጆች በሚሰጠው ምክር ዋና ዋናዎቹ ቃላት ወደ መግለጫው መጀመሪያ ይቅረቡ ይላል።

ስለ 5000ው ደግሞ፣ ዩቲዩብ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ባወጣው ደንብ ገደቡ የተቆጠረው በፊደል ሳይሆን ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚለካበት በባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በዚያ ስሌት ለአማርኛ የሚደርሰን ከ1700 ፊደል ያነሰ ነው፤ ሦስት ገጽ የሕይወት ታሪክ አይችልም።

አዘጋጁ

የባይቱን ነገር ተቀብያለሁ፤ አላውቀውም ነበር። ስለ መጀመሪያዎቹ መስመሮች ያልሽው ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ልጄ። ዩቲዩብ አንዳንዴ ከመግለጫው መሃል ወይም መጨረሻ ከተፈለገው ቃል ጋር የሚገጥመውን ዓረፍተ ነገር አውጥቶ በፍለጋው ውጤት ላይ ሲያሳይ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ከታች ያለ ቃል አይነበብም ማለት አይቻልም። ይነበባል። ሁለት መስመር ከላይ ጨምሪ፤ ታሪኩ ግን ከሥሩ እንዳለ ይቀመጥ። ማንን ይጎዳል?

አርታኢዋ

ከታች ያለው ቃል አይነበብም አላልኩም፤ በዚህ እውነት አለዎት። ጥያቄው የተነበበው ቃል ማንን ያመጣል የሚለው ነው። ተመራማሪው በወጣትነታቸው ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝተው ነበር፤ ታሪካቸው ውስጥ አንድ አንቀጽ ሙሉ ስለ እሱ ተጽፏል። ቪዲዮው ውስጥ ግን ስለ ትምህርት ዕድል አንድም ቃል አልተነገረም። «የውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል» ብሎ የፈለገ ወጣት በዚያ አንቀጽ ሳቢያ እኛ ጋ ቢደርስ፣ ስለ መረብ ሲወራ ይሰማና ወዲያው ይወጣል። ዩቲዩብ ለፍለጋ የሚያቀርበውን ሲመርጥ ቃሉ መግጠሙን ብቻ አያይም፤ በዚያ ቃል የመጡ ሰዎች ቪዲዮውን ምን ያህል እንዳዩትም ይመዝናል።

ይህንን በግምት መተው አያስፈልግም። YouTube Studio ውስጥ Analytics ገብቶ ተመልካቹ ከየት እንደመጣ ከሚያሳየው ዝርዝር ላይ YouTube search የሚለውን ቢነኩት፣ ሰዎች ምን ጽፈው እንዳገኙን ይወጣል። ከየቃሉ ጎን በአማካይ ስንት ደቂቃ እንዳዩ አለ። «ቆሮሶ» ብሎ የመጣው ረጅም ጊዜ ከቆየና በትምህርት ቤቱ ስም የመጣው ሳይቆይ ከወጣ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚቆረጥ ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል።

እኔ መስመሮቹን የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ቃል ጽፎ የሚፈልግ ሰው ይህን ቪዲዮ ቢያገኝ የፈለገውን አገኘ ይባላል ወይ? ሰው እንግዳውን የሚጠራበት ስም ያልፋል። ከርዕሱ ጋር የሚያያዘው ሙያቸው ያልፋል። የሚታወቁበት ሥራም ያልፋል። የዐውደ ጥናቱ ዝርዝር፣ የኮሚቴ አባልነቱ፣ የልጆቻቸው ቁጥር አያልፉም። እንዲህ ይሆናል፦

> የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ለምን አነሰ? የዓሣ ተመራማሪው ዶክተር እገሌ ስለ መረብ ዓይን ስፋት፣ ዓሣው ስለሚራባበት ወቅትና አስጋሪዎች ማድረግ ስለሚችሉት ይናገራሉ።
>
> 0:00 ቆሮሶ ድሮና ዘንድሮ
> 7:40 የመረብ ዓይን ሲጠብ የሚሆነው
> 19:15 ዓሣው የሚራባበት ወቅትና ቦታ
> 33:05 አምባዛስ?
> 46:30 ለአስጋሪ ማኅበራት የተሰጠ ምክር
>
> ስለ እንግዳው፦ ዶክተር እገሌ ከሠላሳ ዓመት በላይ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ዓሣ አጥንተዋል። በዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። አስጋሪዎች «የዓሣው ዶክተር» ይሏቸዋል።

የመጀመሪያው ሰዓት 0:00 መሆን አለበት፤ ቢያንስ ሦስት ምዕራፍ በቅደም ተከተል ካልተጻፈና እያንዳንዱ ቢያንስ አሥር ሰከንድ ካልሆነ ዩቲዩብ ቪዲዮውን በምዕራፍ አይከፍለውም። የመጨረሻዋን የቅጽል ስም መስመር ልብ ይበሉልኝ። እንግዳው በጻፉት ታሪክ ውስጥ አልነበረችም፤ ከቃለ መጠይቁ ላይ የወጣች ናት። የሐይቁ ዳር ሰው የሚጽፈው ግን እሷን ነው።

አዘጋጁ

ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ቢሆንም የትውልድ ቦታውን ዝም ብለሽ ያለፍሽው አልተዋጠልኝም። ባለፈው አንድ ሯጭ ጋብዘን ነበር፣ የበቆጂ ልጅ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያው አካባቢ በመውጣታቸው ዓለም ሁሉ የበቆጂን ስም ይፈልጋል። አንቺ ያንን መስመር ብትቆርጪው ትልቁን ነገር ጣልሽው ማለት ነው። የኛም ሰው ቢሆን የአገሩን ልጅ በአገሩ ስም ነው የሚፈልገው። ውጭ የሚኖረው ደግሞ ይብሳል፤ የትውልድ ቀዬውን ስም ጽፎ የተገኘውን ሁሉ ያያል።

ሌላው፣ የስም አጻጻፍ። ሐዋሳን አንዱ በ«ሐ»፣ አንዱ በ«ሀ» ይጽፋል፤ «አዋሳ» የሚልም ሞልቷል፤ Hawassa እና Awassa የሚልም አለ። ረጅሙ ታሪክ ውስጥ እነዚህ በተለያየ ቦታ በተለያየ መልክ ይገኙ ነበር። አንቺ አንዱን መርጠሽ ሌሎቹን ጣልሽ።

አርታኢዋ

በሯጩ ላይ ትክክል ነዎት፤ እኔም አልቆርጠውም። የበቆጂ ስም የቃለ መጠይቁ ርዕስ ከሆነ ከላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጣል። የዓሣ ተመራማሪው የትውልድ ቦታ ግን በቪዲዮው ውስጥ አልተነሳም። ስለዚህ የሚቆረጠው ነገር ከእንግዳ እንግዳ ይለያያል፤ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ዝርዝር ይዤ አልመጣሁም።

ለአጻጻፉ ግን ሦስት ገጽ ታሪክ መፍትሔ አይሆንም። አንዳንዱ ሰው ከመግለጫው ግርጌ «ሐዋሳ ሀዋሳ አዋሳ» እያለ ቃል ይደረድራል፤ ይህ ከዩቲዩብ ደንብ ጋር ያጋጫል፣ ቪዲዮው እስከመነሳት ሊደርስ ይችላል። ለዚህ የተዘጋጀ ሳጥን አለ፣ Tags የሚለው። ዩቲዩብ ራሱ ታጎች ለፍለጋ ያላቸው ድርሻ ትንሽ ነው፣ ይበልጥ የሚጠቅሙት ሰው በተለያየ መንገድ ወይም ተሳስቶ የሚጽፈው ቃል ሲኖር ነው ይላል። የእንግዳውን ስም በሁለት በሦስት አጻጻፍ፣ የከተማውንም እንዲሁ እዚያ አስገባለሁ። ለመግለጫው አጻጻፉን የምመርጠው በስልኬ ወደ አካውንቴ ሳልገባ፣ Incognito በሚባለው መስኮት እያንዳንዱን ጽፌ የሚወጣውን ውጤት እያነጻጸርኩ ነው። ሁለቱ ተመሳሳይ ውጤት ከሰጡ ጉዳዩ አያስጨንቅም፤ ከተለያዩ ሰው የሚበዛበትን ወደ ርዕሱ፣ ሌላውን ወደ ምዕራፎቹ አንዱ አስገባለሁ።

ክብሩን በተመለከተ፣ ሙሉ ታሪኩን እንጣለው አላልኩም። በመጀመሪያው አስተያየት ቦታ ተለጥፎ ከላይ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል፤ ቴሌግራም ቻናላችን ላይም ሙሉውን አስቀምጦ ማገናኛውን ከመግለጫው ሥር መስጠት ይቻላል።

አዘጋጁ

አስተያየት ሥር ማስቀመጥ ለእኔ ከቤት አውጥቶ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቴሌግራሙ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አልለቅም፦ የተቆረጠው ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት እንግዳው ይየው። «ሠላሳ ዓመት» ያልሽው ሃያ ስምንት ሊሆን ይችላል፤ «የዓሣው ዶክተር» መባሉም ላያስደስታቸው ይችላል።

አርታኢዋ

በዚህ እስማማለሁ፤ ያሳጠረ ሰው በቀላሉ ይሳሳታልና። ግን ለእርማት እንጂ መልሶ ለማስረዘም አይሁን።

መፍትሔው እንዲህ ነው፦ ርዕሱንና ሽፋን ምስሉን ሳንነካ መግለጫውን ብቻ እንለውጥ። ሦስቱን አንድ ላይ ከለወጥን የትኛው እንደሠራ አናውቅም። ከወር በኋላ ከፍለጋ የመጣውን ሰውና የቆየበትን ደቂቃ እንይ። ቻናሉ ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ ጥቂት ሰው ከሆነ በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ቪዲዮ ሳይሆን በአራት በአምስት ቪዲዮ ላይ እንሞክረው።

አዘጋጁ

ይሁን። የትውልድ ቦታዋ መስመር ግን እስከዚያ አትነካም።

አርታኢዋ

ከምዕራፎቹ በታች ከሆነች አልነካትም። ከላይ ካስቀመጧት እንደገና እንከራከራለን።