ማስተካከያ፦ የዘይቱ ጥያቄ መልስ 3,300 አይደለም

«10 ሊትር ዘይት ሊትሩ በ200 ብር ስቶር ነበረ፣ ከዛ 20 ሊትር በ230 ገባ፣ 15 ሊትር ለኪችን ወጣ። በፊፎ የቀረው ስንት ብር ነው?»

ለገጣፎ ለኪችን ማኔጅመንት ፈተና የሚያጠኑ ልጆች ጋ የሚዞረው ወረቀት 3,300 ይላል፣ ይስተካከል። እሱ የሚመጣው ጠቅላላውን 6,600 ብር ለ30 ሊትር አካፍላችሁ ሊትሩን 220 ስታደርጉት ነው፣ ያ የአማካይ ዋጋ አሰራር ነው እንጂ ፊፎ አይደለም። በፊፎ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ስለሚወጣ መጀመሪያ የ200ው 10 ሊትር ያልቃል፣ 2,000 ብር፣ የጎደለው 5 ሊትር ከአዲሱ ይወሰዳል፣ 1,150፣ በቃ የወጣው 3,150 ሆነ። የቀረው 15 ሊትር በሙሉ የ230ው ነው፣ ስለዚህ 3,450። የወጣውና የቀረው ተደምሮ 6,600 ካልመጣላችሁ የሆነ ቦታ ስታችኋል።

እዛው ወረቀት ላይ «አዲሱ እቃ ከፊት ይደርደር» የሚለውም የተገለበጠ ነው፣ አዲሱ ከኋላ ይገባል አሮጌው ወደፊት ይሳባል። ብቻ አንዳንዴ ሰፕላየር ኤክስፓየር ዴቱ የቀረበ እቃ ያራግፋል (ያውም በቅናሽ ብሎ)፣ ያኔ ዘግይቶ ቢገባም እሱ ይቀድማል፣ ስለዚህ ጥያቄው ላይ የማብቂያ ቀን ከተጻፈ ከገባበት ቀን በፊት እሱን እዩት።