ክቡን ቀቡልን

ክፍልፋይን ለአምስት ዓመት፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ የምናስጀምር የሂሳብ አስተማሪዎች ምስጋና ሲያንሰን ነው። እንዲህ ያለ ጽናት ከየት ይገኛል?

3ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ አንድ ክብ አለ። ለአራት ተከፍሎ አንዱ ተቀብቷል። «የተቀባው ስንት ነው?» ይላል። 4ኛ ክፍል ላይ ያው ክብ ይመለሳል፤ አሁን ሰማያዊ ነው። 5ኛ ላይ ለስምንት ይከፈላል፤ ይሄ እድገት ይባላል። 6ኛ ላይ «ክለሳ» የሚል ማዕረግ ያገኛል። ልጁ 7ኛ ክፍል ሲደርስ የቀባው ክብ ብዛት ቀለም ቀቢ አድርጎ ያስቀጥረዋል። ብዛቱን እንዲደምር ግን እሱን አትጠይቁት።

ይሄን ጥበብ «ስፓይራል ካሪኩለም» ብለን እንጠራዋለን። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1960 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጀሮም ብሩነር ነበር። ሰውየው ያለው፣ ርዕሱን ለልጁ በሚገባው መልክ ቀድማችሁ አስጀምሩ፣ ከዚያ በተመለሳችሁ ቁጥር ከፍ አድርጉት ነው። ልጁ መጀመሪያ 1/4 ማለት ከሙሉው አራተኛው እጅ መሆኑን ያያል። ሲመለስ ያው 1/4 በ0 እና በ1 መካከል ቦታ ያለው ቁጥር ሆኖ ይጠብቀዋል። ቀጥሎ 1/2 እና 2/4 እዚያው አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፉ ያያል። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ መመለሱን ወደድነው። ከፍ ማለቱን ለባለቤቱ ተውንለት። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባል የለ?

አሠራራችንም እንከን የለውም። ለክፍልፋይ አሥር ክፍለ ጊዜ ተሰጠን እንበል። ያለፈው ዓመት አስተማሪ በደንብ አላስተማረም ብለን እናምናለን (ስለ እኛም የሚቀጥለው እንዲሁ ያምናል)። ስለዚህ ስድስቱን ለክለሳ እናውላለን። በሰባተኛው አዲሱን ነገር፣ የጋራ ታህትን እንጀምራለን። ግማሹ ክፍል ግራ ሲጋባ አሥረኛው ደወል ይደወላል። ምንም አይደል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል! የሚመለሰው ግን ከክቡ ነው። የጋራ ታህት እንዲህ ባለቤት አጥቶ ከክፍል ክፍል ይንከራተታል።

ውጤቱን በአንድ መስመር ማየት ይቻላል። 1/2 + 1/3 ስጡት። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/5 ይላችኋል። 2/5 ከ1/2 ያንሳል። ልጁ ግማሽ ነገር ይዞ፣ ተጨምሮለት፣ ከያዘው ያነሰ ይዞ ተመለሰ። አይደንቀውም፤ ክፍልፋይ ለእሱ የተቀባ ክብ እንጂ መጠን ያለው ቁጥር ሆኖ አያውቅማ። 3/6 + 2/6 ብሎ 5/6 ለማለት አቻ ክፍልፋይን እስከ መጨረሻው የያዘ ሰው ያስፈልጋል።

ብቻችንን አይደለንም፣ ደስ ይበላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ የ13 ዓመት ልጆች 12/13 + 7/8 ወደ የትኛው እንደሚቀርብ ተጠየቁ፤ ምርጫው 1፣ 2፣ 19 እና 21 ነበር። ሁለቱም ለ1 ጥቂት የሚጎድላቸው ናቸውና መልሱ 2 ነው። ይህን ያገኙት ከመቶ 24ቱ ናቸው። 19 ያሉት ከእነሱ ይበዛሉ፤ 21 ያሉትም እንዲሁ። ላዕሎቹን ብትደምሩ 19፣ ታህቶቹን ብትደምሩ 21 ይመጣል።

የቀጥተኛ ቅደም ተከተል ወዳጆቻችንንም አንዘንጋ፣ ቅር ይላቸዋል። እነሱ ክፍልፋይን 5ኛ ክፍል ላይ ጨርሰው፣ ቆልፈው፣ ቁልፉን ይጥሉታል። ልጁ ያን ጊዜ እውነትም ችሎታል። ከዚያ አራት ዓመት ሳያየው ይከርምና 9ኛ ክፍል ላይ 1/x + 1/2 ይመጣበታል። 2/(x + 2) ብሎ ይመልሳል። ያችው ስህተት፣ ፊደል ለብሳ። በዚያች በተቆለፈችው ሳምንት ታሞ የቀረው ልጅማ ለዘላለም ቀረ።

የራሳችሁን መጽሐፍ ለመፈተሽ ከፈለጋችሁ የአምስቱን ክፍል የክፍልፋይ ገጾች አንሱ። የክፍሉን ቁጥር ሸፍናችሁ አደባልቋቸው። ከዚያ ለአንድ የሂሳብ አስተማሪ «በቅደም ተከተል ደርድርልን» በሉት። እኔ ሞክሬዋለሁ። ባልደረባዬ ገጾቹን ሲያገላብጥ ቆየና በመጨረሻ በፊደሉ መጠን ደረደራቸው። የትንሾቹ ልጆች መጽሐፍ ፊደሉ ተለቅ ይላል።

የጎረቤቴን ልጅም «ዘንድሮ ሂሳብ ምን ጀመራችሁ?» አልኩት።

«ክፍልፋይ።»

«አምናስ?»

«ክፍልፋይ።» ትንሽ አሰበ። «ዘንድሮ ግን አረንጓዴ ነው፣ ጋሼ።»